ዓይነ ስውር ወንድማችን ስላይዳችንን እንዴት ይከተል? የሥዕል መግለጫና ትክክለኛ የንባብ ቅደም ተከተል

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ጉዳይ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የተለመደውን የፓወርፖይንት ስላይድ የሚመለከት ነው። ነገሩን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ስለሆነ፣ በዚያው ልጀምር።

በቤተ ክርስቲያናችን በሳምንቱ መካከል በሚደረገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስለ ማደሪያው ድንኳን ተከታታይ ትምህርት እሰጥ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ ዓይነ ስውር ወንድም ነው። በላፕቶፑ ላይ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ስክሪን ሪደር የተባለ ፕሮግራም ስላለው፣ ስላይዱን አስቀድሜ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ እኔም ላክሁለት። መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ይህ ወንድም በሰፈሩ የቤት ኅብረት ይመራል፤ ያንኑ ትምህርት ከእኔ ስላይድ ተዘጋጅቶ ለኅብረቱ አስተማረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት የኅብረቱ እኅት፣ «ሁለቱም መሠዊያዎች በቅድስተ ቅዱሳን ውስጥ ከታቦቱ አጠገብ ነበሩ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማን እንዲህ እንዳስተማራት ስጠይቃት የዚያን ወንድም ስም ነገረችኝ።

ወንድማችንን አግኝቼ ነገሩን ስነግረው፣ «ፓስተር፣ እኔ ያስተማርሁት እርስዎ የላኩልኝን ነው፤ ይስሙት» አለና ላፕቶፑን ከፍቶ ስላይዱን አስነበበልኝ። ድምፁም በተከታታይ እንዲህ አለ፦ «ታቦት። መሠዊያ። መሠዊያ። 50 ክንድ። መቅረዝ። ገበታ። 100 ክንድ። መታጠቢያ። መግቢያ። ማደሪያው ድንኳን።» በየመካከሉም ሥዕል እንዳለ ይናገራል እንጂ የምን ሥዕል እንደሆነ አይናገርም። ርእሱ የመጣው በመጨረሻ ነው። ከታቦቱ ቀጥሎ ሁለት መሠዊያዎች ተከታትለው ሲጠሩ የሰማ ሰው፣ ሦስቱም በአንድ ስፍራ ናቸው ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል? ስሕተቱ የአንባቢው ሳይሆን የእኔ የአዘጋጁ ነበር።

ስክሪን ሪደር ስላይድን የሚያነበው እንዴት ነው?

የሚያይ ሰው ስላይድ ሲመለከት ዓይኑ በአንድ ጊዜ ሁሉን ይቃኛል፤ በትልቅ ፊደል የተጻፈውን ርእስ ብሎ ይለያል፣ ቀስቱን ይከተላል፣ ስሙን ከአጠገቡ ካለው ሥዕል ጋር ያገናኛል። ስክሪን ሪደር ግን ገጹን አያይም። እርሱ የሚያገኘው በፋይሉ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ነው። በስላይዱ ላይ ያስቀመጥነው እያንዳንዱ ነገር፣ ማለትም ጽሑፉም፣ ሥዕሉም፣ መስመሩም፣ ቀስቱም በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ቦታ አለው፤ ፕሮግራሙም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ይጠራቸዋል።

ታዲያ የዝርዝሩን ቅደም ተከተል የሚወስነው ምንድን ነው? እኛ ካልለወጥነው በቀር፣ ነገሮቹን ወደ ስላይዱ ያስገባንበት ተራ ነው። በገጹ ላይ ከላይ ይሁን ከታች፣ በቀኝ ይሁን በግራ፣ ለፕሮግራሙ ለውጥ የለውም። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የሣልሁት የአሸዋ መልክ ያለውን መደብ ነበር፤ ከዚያ ድንኳኑን፣ ከዚያም ዋናው ነገር ነው ብዬ ታቦቱን። የዕጣኑን መሠዊያ ከሠራሁ በኋላ እርሱኑ ቀድቼ የሚቃጠል መሥዋዕት መሠዊያ አደረግሁት፤ ስለዚህ ሁለቱም በዝርዝሩ ተከታትለው ገቡ፣ ሁለቱም «መሠዊያ» የሚል አንድ ዓይነት ስም ያዙ። ለሚያይ ሰው አንዱ በአደባባዩ ሌላው በድንኳኑ ውስጥ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ለሚሰማ ሰው ግን ልዩነት የላቸውም። የመታጠቢያውን ሰን ረስቼው ኋላ ጨመርሁት። ርእሱን የጻፍሁት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ወንድማችን የሰማው እንግዲህ ማደሪያውን ድንኳን አልነበረም፤ እኔ በዚያ ምሽት እንዴት እንደሠራሁት የሚናገረውን ታሪክ ነበር።

ቅደም ተከተሉን የምናውቀውና የምናስተካክለው እንዴት ነው?

ቀላሉ መፈተኛ የኮምፒዩተሩ Tab ቁልፍ ነው። ስላይዱን በማዘጋጃው ገጽ ከፍታችሁ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጉ፤ ምንም ነገር ሳይመረጥ Tab ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር በክፈፍ ይከበባል፤ ክፈፉ የሚዘልበት ተራ የንባቡ ተራ ነው። ይህ በአሮጌውም በአዲሱም ፓወርፖይንት ይሠራል፤ ለአንድ ስላይድ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።

ለማስተካከል ሁለት ሰሌዳዎች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ላይ ስለሆነ ልብ እንበል። አንደኛው Selection Pane ይባላል፤ Home ከሚለው ውስጥ Arrange በሚለው ሥር ይገኛል፣ ወይም Alt+F10 በመጫን ይከፈታል። በዚህ ሰሌዳ ዝርዝሩ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ በመጀመሪያ የሚነበበው ነገር ከግርጌ የተቀመጠው ነው። ሁለተኛው Reading Order Pane በአዲሶቹ ስሪቶች የመጣ ነው፤ Review ከሚለው ውስጥ ከ Check Accessibility ሥር ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትጫኑ ታገኙታላችሁ። ይህኛው ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ ተራ ቁጥርም አለው። አንዱን ስታስተካክሉ በሌላው ሕግ ካሰባችሁ ስላይዱ ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል። አዲሱ ሰሌዳ ያላችሁ በእርሱ ብቻ ብትሠሩ ይሻላል።

አንድ ገደብ ደግሞ አለ። በፓወርፖይንት የንባቡ ተራና የመደራረቡ ተራ አንድ ናቸው። በዝርዝሩ ቀድሞ ያለው ነገር ከሥር ይሆናል፣ ኋላ የመጣው ከላይ ይደረባል። ስለዚህ ያ የአሸዋ መልክ መደብ ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ቢገፋ ጽሑፉን ሁሉ ይሸፍነዋል። አንድ ነገር ስታንቀሳቅሱ ከስላይዱ ላይ ሌላ ነገር ቢጠፋባችሁ ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ ተሸፍኖ ነው። መደብ የሆነ ነገር ሁልጊዜ መጀመሪያ ይቀመጥ፤ በየስላይዱ የሚደጋገም መደብና የቤተ ክርስቲያን ዓርማ ደግሞ ከስላይዱ ወጥቶ View ከሚለው ውስጥ በሚገኘው Slide Master ላይ ቢቀመጥ ለዓይን ይታያል፣ በንባቡ ዝርዝር ውስጥ ግን አይገባም። ሠላሳ ስላይድ ባለው ትምህርት ሠላሳ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱን ዓርማ መስማት ምን ያህል እንደሚያሰለች አስቡት።

ነገር ግን ከማስተካከል ይልቅ መጀመሪያውኑ አለማዛባት ይሻላል። ብዙዎቻችን ባዶ ስላይድ ከፍተን ቴክስት ቦክስ እየጨመርን እንጽፋለን። በዚህ ፈንታ New Slide በሚለው ሥር ካሉት ቅርጾች ለምሳሌ Title and Content ወይም Two Content የሚለውን ብንመርጥ፣ ርእሱ ርእስ መሆኑን ስክሪን ሪደሩ ያውቃል፤ ተራውም ከጅምሩ የተስተካከለ ይሆናል። ርእሳችን እውነተኛ ርእስ መሆኑን ለማወቅ View ውስጥ Outline View የሚለውን ክፈቱ። በዚያ የሚታየው በተዘጋጁት ሳጥኖች ውስጥ የተጻፈው ብቻ ነው፤ በቴክስት ቦክስ የጻፋችሁት በዚያ አይገኝም። የእኔ ስላይድ በ Outline View ሲከፈት ባዶ ነበር።

እያንዳንዱ ስላይድም የራሱ ርእስ ሊኖረው ይገባል። ዓይነ ስውር ሰው አንድን ስላይድ መልሶ የሚፈልገው በርእሱ ነው፤ አምስት ስላይዶች «ማደሪያው ድንኳን» ከተባሉ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። «ማደሪያው ድንኳን፦ የዕቃዎቹ አቀማመጥ»፣ «ማደሪያው ድንኳን፦ መጋረጃዎቹ» ብሎ መለየት ይበቃል።

የሥዕል መግለጫ

አልት ቴክስት የሚባለው ከሥዕሉ ጋር ተያይዞ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በግድግዳው ላይ የማይታይ፣ ስክሪን ሪደር ግን የሚያነበው አጭር ጽሑፍ ነው። ሥዕሉ ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ስትጫኑ View Alt Text የሚል ታገኛላችሁ (በአንዳንድ ስሪት Edit Alt Text ይላል)፤ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ትጽፋላችሁ። በ2010 እና በ2013 ስሪቶች Format Picture ውስጥ Alt Text ሥር Title እና Description የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ መግለጫው የሚጻፈው Description በሚለው ነው።

ምን እንጻፍ? መጠየቅ ያለብን «በሥዕሉ ላይ ምን አለ?» ብለን ሳይሆን «ይህን ሥዕል እዚህ ያስቀመጥሁት ምን እንዲያስተምርልኝ ነው?» ብለን ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በደቡብ እስራኤል በቲምና ፓርክ ውስጥ በማደሪያው ድንኳን ልክ የተሠራ ቅጂ አለ፤ ፎቶግራፉንም በትምህርቴ ተጠቅሜበታለሁ። ይህን ፎቶ ያስቀመጥሁት የአደባባዩን ስፋት ለማሳየት ከሆነ መግለጫው፣ «በቲምና ፓርክ የሚገኘው የማደሪያው ድንኳን ቅጂ፤ የአደባባዩ የመጋረጃ አጥር አጠገቡ ከቆሙት ጎብኚዎች ቁመት በላይ ነው» ሊሆን ይችላል። ያስቀመጥሁት እስራኤል የተጓዙበትን አገር ለማሳየት ከሆነ ግን፣ «በቲምና ፓርክ የሚገኘው የማደሪያው ድንኳን ቅጂ፤ ዙሪያው ዛፍ የሌለበት ደረቅ ምድረ በዳ ነው» እላለሁ። ፎቶው አንድ ነው፤ ትምህርቱ ስለተለየ መግለጫው ተለየ።

«የ…ሥዕል» ወይም «የ…ፎቶ» ብሎ መጀመር አያስፈልግም፤ ሥዕል መሆኑን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ይናገራል። የፋይሉን ስም፣ ለምሳሌ IMG_2031 የሚለውን መተው ደግሞ ምንም ካለመጻፍ አይሻልም። ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሁለት፣ ቢበዛ ጥቂት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይሁን። የዚህም ምክንያት አለው፦ አልት ቴክስት እንደ ተራ ጽሑፍ መስመር በመስመር እየተመለሱ የሚያነቡት አይደለም፤ በአብዛኛው በአንድ ትንፋሽ ተነብቦ ያልፋል። መሐል ላይ ያመለጠው ሰው ከመጀመሪያው ደግሞ ማስነበብ አለበት። ስለዚህ ዝርዝር የሚበዛው ሥዕል ከሆነ መግለጫው ጠቅለል ያለውን ብቻ ይናገር፣ ዝርዝሩ በስላይዱ ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ይጻፍ።

ጥቅስ ወይም የመዝሙር ግጥም በሥዕል ተሠርቶ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ጊዜ መግለጫው «የጥቅስ ሥዕል» መሆን የለበትም፤ በሥዕሉ ላይ ያሉት ቃላት በሙሉ መጻፍ አለባቸው። ከዚህ የሚሻለው ግን ቃላቱን በስላይዱ ላይ መጻፍ ነው።

ምንም የማያስተምር ጌጥ ደግሞ አለ፤ በጥግ ላይ ያለ አበባ፣ ከርእሱ ሥር የተሰመረ መስመር፣ ማዕዘን ላይ ያለ መስቀል። እነዚህን መግለጽ አድማጩን ማድከም ነው። በአልት ቴክስቱ ሳጥን ሥር Mark as decorative የሚለውን ምልክት ብታደርጉ ስክሪን ሪደሩ ያልፋቸዋል። አንድን ነገር ጌጥ ነው ከማለታችን በፊት ግን፣ «ይህን ባጠፋው ከትምህርቱ የሚጎድል ነገር አለ?» ብለን እንጠይቅ። ወደ መግቢያው የሚያመለክተው ቀስቴ ጌጥ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን መግቢያው በምሥራቅ መሆኑን የሚናገረው እርሱ ብቻ ነበር።

ያንን ስላይድ እንዴት አስተካከልሁት?

በስላይዱ ላይ ከዓርማው ሌላ 20 ነገሮች ነበሩ፦ ርእሱ፣ መደቡ፣ ድንኳኑ፣ የመጋረጃው መስመር፣ የስድስቱ ዕቃዎች ሥዕል፣ ስድስት ስሞች፣ ሁለት ልኬቶች፣ «መግቢያ» የሚለው ቃልና ቀስቱ። ሁሉንም በተራ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሰሚው ሃያ ቁርጥራጭ መስማት አያስፈልገውም።

አስቀድሜ ሁለቱን መሠዊያዎች በየስማቸው ጠራኋቸው፤ አንዱን «የሚቃጠል መሥዋዕት መሠዊያ»፣ ሌላውን «የዕጣን መሠዊያ» አልሁ። ይህ ለሚያዩትም ጠቀመ። ቀጥሎ ከርእሱ በቀር ሥዕሉን የሚሠሩትን ነገሮች ሁሉ መርጬ በ Ctrl+G አንድ ላይ አሰርኋቸው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ስክሪን ሪደር በታሰረው ውስጥ ገብቶ ቁርጥራጩን እንደገና ይጠራዋል። ስለዚህ የታሰረውን ቀድቼ እንደ ሥዕል መልሼ ለጠፍሁት፤ የመጀመሪያውን ግን ኋላ ማረም ስለሚያስፈልግ በሌላ ፋይል አስቀመጥሁት፤ ሥዕል ከሆነ በኋላ ስሞቹን ማረም አይቻልምና። ከዚያም Two Content የሚለውን ቅርጽ መርጬ ርእሱን በርእስ ሳጥን ጻፍሁ፣ ሥዕሉን በግራ፣ ዝርዝሩን በቀኝ አደረግሁ።

የሥዕሉ መግለጫ እንዲህ ሆነ፦

«የማደሪያው ድንኳን አደባባይ ከላይ ሲታይ። ርዝመቱ 100 ክንድ፣ ወርዱ 50 ክንድ፤ መግቢያው በምሥራቅ ነው። ድንኳኑ በምዕራቡ እኩሌታ ቆሟል፣ በመጋረጃም ለሁለት ተከፍሏል። የዕቃዎቹ አቀማመጥ ቀጥሎ ባለው ዝርዝር ተጽፏል።»

ዝርዝሩን ደግሞ በምን ተራ ልጻፍ ብዬ አሰብሁ። በሥዕሉ ላይ ታቦቱ በግራ ጫፍ ስለነበረ ከግራ ወደ ቀኝ ብጽፍ ከቅድስተ ቅዱሳን ጀምሬ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ትምህርቱ ግን ካህኑ ከደጁ ገብቶ ወደ ውስጥ ስለመሄዱ ነበር። ትክክለኛ ተራ ማለት የገጹ ተራ ሳይሆን የሐሳቡ ተራ ነው። ስለዚህ ከመግቢያው ጀመርሁ፦

1. የሚቃጠል መሥዋዕት መሠዊያ፦ በአደባባዩ፣ ከመግቢያው ሲገባ
2. የመታጠቢያ ሰን፦ በመሠዊያውና በድንኳኑ ደጃፍ መካከል
3. መቅረዝ፦ በቅድስት፣ በደቡብ በኩል
4. የኅብስቱ ገበታ፦ በቅድስት፣ በሰሜን በኩል
5. የዕጣን መሠዊያ፦ በቅድስት፣ በመጋረጃው ፊት
6. ታቦት፦ ከመጋረጃው በስተ ውስጥ፣ በቅድስተ ቅዱሳን

አሁን Tab ስጫን ሦስት ማረፊያ ብቻ አለ፤ ርእሱ፣ ሥዕሉ፣ ዝርዝሩ።

በአማርኛ ስንጽፍ ልዩ ጥንቃቄ

አሮጌ ስላይዶቻችን ሌላ ችግር አለባቸው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በተሣለባቸው ፎንቶች ስንጽፍ ኖረናል። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ «እግዚአብሔር» ለዓይን ትክክል ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ያለው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ነው። ስክሪን ሪደሩም የሚያነበው ያንን ክምር ነው። ለመፈተን አንድ መስመር ቀድታችሁ Notepad ላይ ለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ደኅና ነው፤ የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ወይም መለወጥ አለበት። የፎንቱን ስም Nyala ወደሚለው መለወጥ ብቻ ችግሩን አያድነውም።

አሕጽሮተ ቃላትም ያስቸግራሉ። «ዘጸ. 26፥35» የሚለውን ዓይናችን ያውቀዋል፤ ድምፁ ግን ምኑን ከምኑ እንደሚለይ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በመግለጫም በዝርዝርም «ዘጸአት ምዕራፍ 26 ቁጥር 35» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ከመላካችን በፊት መፈተን

በ Review ውስጥ ያለውን Check Accessibility መጀመሪያ አሂዱ። ርእስ የሌለውን ስላይድና መግለጫ የሌለውን ሥዕል ያሳያችኋል፤ የንባቡን ተራም እንድትመለከቱ ያስጠነቅቃል። ነገር ግን መግለጫ መኖሩን እንጂ ትክክል መሆኑን አያውቅም። ታቦቱን «ገበታ» ብላችሁ ብትጽፉ ምንም ስሕተት የለም ይላችኋል።

ስለዚህ ሁለተኛው ፈተና መስማት ነው። NVDA የተባለው ስክሪን ሪደር ለዊንዶውስ በነጻ የሚገኝ ነው፤ አብሮት በሚመጣው eSpeak NG በተባለው ድምፅም አማርኛ አለ። Ctrl+NVDA+V ተጭናችሁ ድምፁን ወደ አማርኛ ለውጡ (NVDA የሚባለው ቁልፍ ብዙውን ጊዜ Insert ነው)። ድምፁ የማሽን ስለሆነ መጀመሪያ ጆሮ ይከብዳል፤ ለመፈተን ግን ይበቃል። ስላይዱን ያላየ ሰው ፊቱን አዙሮ ተቀምጦ ይስማ፤ ከዚያ የሰማውን በወረቀት ይሣል። እኔ የተስተካከለውን ስላይድ እንዲህ ሳስፈትን ባለቤቴ ሁሉንም በቦታው ሣለችው፤ የመጀመሪያውን ግን ሁለቱን መሠዊያዎች ከታቦቱ ግራና ቀኝ አደረገቻቸው። ወንድማችን የተሳሳተውን ያንኑ ነው።

አላላካችንም ሥራችንን ሊያበላሸው ይችላል። የስላይዱን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ቡድን መለጠፍ ለዓይነ ስውሩ ምንም አይሰጠውም፤ መግለጫውም ተራውም በፎቶው ውስጥ የሉም። የተሻለው ራሱን የፓወርፖይንቱን ፋይል ከትምህርቱ አንድ ቀን አስቀድሞ መላክ ነው። ፒዲኤፍ ካስፈለገ በ Print በኩል አትሥሩት፤ መዋቅሩ ይቀራል። በ Save As ወይም በ Export ሥሩት፣ Options ውስጥም Document structure tags for accessibility የሚለው ምልክት እንደተደረገበት ተመልከቱ።

በመጨረሻም ፋይሉ ያልደረሰው ዓይነ ስውር በጉባኤው መካከል ሊኖር ይችላል። ለእርሱ አልት ቴክስቱ የእኛ አፍ ነው። «እንደምታዩት እዚህ ጋ» በማለት ፈንታ በመግለጫው የጻፍነውን በዚያው ተራ እንናገር፤ በጽሑፍ ካዘጋጀነው ደግሞ ለመናገር አንቸገርም።

የተስተካከለውን ስላይድ ለወንድማችን ልኬለት በሚቀጥለው ጥናት ሲመጣ፣ «ፓስተር፣ ካህኑ ከምሥራቅ ገብቶ ወደ ምዕራብ ከሄደ መቅረዙ በግራው፣ ገበታው በቀኙ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቆሜ በልቤ አሰብሁት፤ ትክክል ነበር። ያንን ሥዕል ለዓመታት ሳሳይ በሚገባው ካህን በኩል ቆሜ አስቤው አላውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ወደ ቤት ኅብረቱ ተመልሶ ቀድሞ ያስተማረውን አረመ፤ ስሕተቱ ከስላይዱ እንደነበረ እኔም አብሬው ሄጄ ነገርኋቸው።